መጠኑ ሳይጨምር የሚመርዝ የልብ ክኒን

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ እናቴ 76 ዓመቷ ነው፤ 48 ኪሎ ናት። ለልቧ ዲጎክሲን 0.25 በቀን አንድ፣ ላሲክስ 40 በቀን አንድ ትወስዳለች። አራት ዓመት ሆናት፤ መጠኑ ተቀይሮ አያውቅም። ባለፈው ሳምንት አምስት ቀን ተቅማጥ ይዟት ነበር። ተቅማጡ ቆመ፣ እሷ ግን አልተሻላትም። ምግብ አስጠላት፣ ያቅለሸልሻታል፣ ዝም ብላ ትተኛለች። ሰፈር ያለ ክሊኒክ ጨጓራ ነው ብለው ክኒን ሰጧት። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ነጩን ጋቢ ቢጫ ነው አለችኝ። ከሦስት ወር በፊት ክሪያቲኒኗ 1.1 ነበር፤ ኩላሊቷ ደህና ነው ተብለናል። ያው ሁሌ የምትወስደው ክኒን እንዴት ድንገት ሊመርዛት ይችላል?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ ማብራሪያውን ኋላ ታነቢዋለሽ። መጀመሪያ እናትሽን ዛሬውኑ፣ ለነገ ሳትዪ፣ ኢሲጂ የሚባለው የልብ ምርመራና የደም ምርመራ ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው። የዛሬውን ዲጎክሲን አትስጪያቸው። አንድ ቀን ቢቀርባቸው አይጎዳቸውም፤ የትናንቱና የትናንት በስቲያው ገና ሰውነታቸው ውስጥ አለ። ላሲክሱንም ሐኪም ሳያያቸው አትስጪ። በእግራቸው ብዙ አታስኪጃቸው። ክኒኖቹን በሙሉ፣ አዲሱን የጨጓራ ክኒን ጨምረሽ፣ በፌስታል ያዢ። እዚያ ስትደርሺ «ዲጎክሲን ትወስዳለች፣ ተቅማጥ ነበራት፣ አሁን ነገር ሁሉ ቢጫ ይታያታል» በያቸው። ይህን የሰማ ሐኪም ጨጓራን አስቀድሞ አያስብም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። አዎ፣ ሊመርዛቸው ይችላል። መጠኑ በአንድ ሚሊግራም ክፍልፋይ እንኳ ሳይጨምር። እንዲያውም በዕድሜ የገፉ ሰዎች ላይ የማየው የዲጎክሲን መመረዝ አብዛኛው እንዲህ ያለ ነው። ማንም ተሳስቶ ሁለት ክኒን አልዋጠም። ክኒኑ ያው ነው። የተቀየረው መውጫው ነው።

ቤታችሁ ሮቶ ካለ አስቢው። ከላይ ውሃ በቀጭኑ ይገባል፣ ከታች በቀጭኑ ይወጣል። የሚገባውና የሚወጣው እኩል ሲሆን ውሃው ሮቶው ወገብ ላይ ይቆማል። አሁን ከላይ ያለውን ሳትነኪ የታችኛውን ቧንቧ በግማሽ ዝጊው። ውሃው በአንድ ጊዜ አይሞላም። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ከፍ ይላል፤ በመጨረሻ ከበፊቱ እጥፍ ላይ ሄዶ ይቆማል። ዲጎክሲን ልክ እንደዚህ ነው። ከተወሰደው ውስጥ ትልቁ እጅ፣ ወደ ሁለት ሦስተኛው ማለት ይቻላል፣ ጉበት ሳይለውጠው እንዳለ በኩላሊት ነው የሚወጣው። ስለዚህ የሮቶው የታች ቧንቧ ኩላሊት ነው።

መውጫው ድሮም ቢሆን ፈጣን አይደለም። ኩላሊቱ ጤነኛ በሆነ ሰው እንኳ ደም ውስጥ ያለው ዲጎክሲን በግማሽ ለመቀነስ አንድ ቀን ተኩል እስከ ሁለት ቀን ይፈጅበታል። ኩላሊቱ ሥራ ባቆመ ሰው ላይ ይህ ወደ አራትና አምስት ቀን ይረዝማል። መመረዙ ከተቅማጡ ጋር አብሮ ያልመጣው፣ ተቅማጡ ቆሞ «አለፈላት» ስትሉ ብቅ ያለው በዚህ ምክንያት ነው። ሮቶው ለመሙላት ቀናት ወስዶበታል።

«ኩላሊቷ ደህና ነው ተብለናል» ያልሽውን ላንሳ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ባለሙያም ጭምር።

ክሪያቲኒን ከጡንቻ የሚወጣ ቆሻሻ ነው። ኩላሊት ያጣራዋል። ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ ይጠራቀማል፣ ቁጥሩም ከፍ ይላል። ግን ጡንቻቸው የሳሳ እናት መጀመሪያውኑ የሚያመነጩት ክሪያቲኒን ትንሽ ነው። ኩላሊታቸው በደንብ ሳያጣራ እንኳ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ይታያል። ስለዚህ ቁጥሩን ብቻውን አንብቦ መፍረድ አይቻልም። ከዕድሜ፣ ከክብደትና ከጾታ ጋር መሰላት አለበት። ለዲጎክሲን መጠን ለረጅም ጊዜ የሠራንበት ስሌት አለ፤ ነገሩ ቀላል ስለሆነ በእናትሽ ቁጥር ላሳይሽ።

ከ140 ላይ ዕድሜን ትቀንሻለሽ፣ በክብደት ታባዢያለሽ፣ ከዚያ 72 በክሪያቲኒን ተባዝቶ ለሚመጣው ታካፍያለሽ። ሴት ከሆኑ መልሱን በ0.85 ታባዢያለሽ።

(140 − 76) × 48 ÷ (72 × 1.1) × 0.85 = 33

ይህ 33 ኩላሊታቸው በደቂቃ የሚያጣራው የደም መጠን ግምት ነው፤ በሚሊ ሊትር። አሁን ያንኑ 1.1 ለ30 ዓመት፣ 70 ኪሎ ለሚመዝን ወንድ አስይው። ወደ 97 ይመጣል። የላቦራቶሪው ወረቀት ላይ ሁለቱም «ኖርማል» ናቸው። አንዱ ግን ከሌላው ሦስት እጥፍ ያጣራል። እናትሽ ተቅማጡ ሳይዛቸው በፊትም የሮቶው ቧንቧ ተጣብቦ ነበር ማለት ነው። በዚህ ላይ በቀን 0.25 መውሰድ ለእሳቸው ብዙ ነበር። ምናልባት ከአራት ዓመት በፊት፣ ጥቂት ኪሎ ሲጨምሩና ኩላሊታቸው ሲሻል፣ ይችሉት ይሆናል። ያን ጊዜ የተጻፈው መጠን ግን አብሯቸው አላረጀም።

ሌላም ነገር አለ። ዲጎክሲን ደም ውስጥ ብቻ አይቀመጥም። ትልቁ መጋዘኑ ጡንቻ ነው። ጡንቻ ሲሳሳ መጋዘኑ ይጠባል፣ ደም ውስጥ የሚቀረው ይበዛል። ስለዚህ እርጅና መውጫውንም ማከማቻውንም ያጠብባል። የአሜሪካ የአረጋውያን ሐኪሞች ማኅበር ለዕድሜ ባለጸጎች በቀን ከ0.125 ሚሊግራም እንዳይበልጥ የሚመክረው ለዚህ ነው። እጃችሁ ላይ ያለው 0.25 ከሆነ ግማሽ ክኒን ማለት ነው። የኩላሊታቸው ቁጥር 33 ለሆነ ሰው ደግሞ ከዚያም ሊያንስ ይችላል።

ወደ ተቅማጡ እንምጣ። እነዚያ አምስት ቀናት ሦስት ነገር ሠርተዋል፤ ሦስቱም ወደ አንድ አቅጣጫ የሚገፉ ናቸው።

የመጀመሪያው ውሃው ነው። በተቅማጥ ፈሳሽ ሲወጣ የደሙ መጠን ይቀንሳል፣ ወደ ኩላሊት የሚሄደውም ይቀንሳል። ኩላሊት የሚያጣራው የመጣለትን ነው። ካልመጣለት አያጣራም። አንድ ወጣት ይጠማዋል፣ አንድ ጆግ ውሃ ይጠጣል፣ ኩላሊቱም ሽንቱን አጥብቆ ይይዛል። የ76 ዓመት እናት እንደዚያ አይጠማቸውም። የጥም ስሜት ከዕድሜ ጋር ይደክማል፤ ኩላሊታቸውም ሽንትን ጨምቆ ውሃ የማስቀረት ጉልበቱ ቀንሷል። ብዙ እናቶች ደግሞ ሽንት ቤት መመላለሱ ስለሚከብዳቸው ሆን ብለው አይጠጡም። «ውሃ ጠጪ» ስትያቸው «አልጠማኝም» ቢሉ እውነታቸውን ነው። ሰውነታቸው ግን ደርቋል።

ሁለተኛው ላሲክስ ነው። ላሲክስ ፈሳሽ እንዲወጣ የተሰጠ ክኒን ነው። እግር ሲያብጥና ሳንባ ውሃ ሲይዝ ሕይወት ያድናል። ከላይም ከታችም ፈሳሽ በሚያጡበት ሳምንት ግን ሥራውን አያቆምም። «የልብ መድኃኒት አይቋረጥም» ተብለው ስለተመከሩ በየማለዳው በታማኝነት ይውጡታል። ሰውነታቸው ድርቅ ባለበት ሰዓት ላሲክስ ጨምሮ ያደርቃቸዋል።

ሦስተኛው ፖታሲየም ነው። ይህን በደንብ እንድታዪው እፈልጋለሁ፤ መርዙ ልቡ ላይ የሚበረታው በዚህ በኩል ነውና።

እያንዳንዱ የልብ ሕዋስ በሩ ላይ ሶዲየምን የሚያስወጣ፣ ፖታሲየምን የሚያስገባ ፓምፕ አለው። ዲጎክሲን እዚያ ፓምፕ ላይ ተቀምጦ ያዘገየዋል። ትንሽ ሲዘገይ ሕዋሱ ውስጥ ካልሲየም ይበረክታል፣ ልቡም ጠንከር ብሎ ይመታል። ጥቅሙ ይህ ነው። ችግሩ ዲጎክሲንና ፖታሲየም አንድ ወንበር ላይ የሚሻሙ መሆናቸው ነው። ፖታሲየም በቂ ሲሆን ወንበሩን ይካፈላሉ። ፖታሲየም ሲጎድል ዲጎክሲን ወንበሩን ሁሉ ይይዘዋል። ተቅማጥ ፖታሲየም ያስወጣል። ላሲክስ ፖታሲየም ያስወጣል። ምግብ አልበላ ያለ ሰው የሚተካበት የለውም። ማግኒዚየምም በዚያው መንገድ አብሮ ይሄዳል፤ እሱ ሲጎድል ፖታሲየሙን መልሶ መሙላት ራሱ ያስቸግራል።

እንግዲህ አስቢው። ደም ውስጥ ያለው መርዝ ጨምሯል፤ ልቡ ደግሞ ለዚያው መርዝ ይበልጥ ተጋልጧል። በዚህ ላይ መመረዙ ራሱ ያስታውካል፣ አፍ ይዘጋል። አፋቸው ሲዘጋ አይጠጡም። ካልጠጡ ኩላሊቱ የባሰ ይዳከማል። ኩላሊቱ ሲዳከም መርዙ ይጨምራል። መርዙ ሲጨምር የባሰ ያቅለሸልሻል። አዙሪቱ አንዴ ከተነሳ ተቅማጡ ቢቆምም በራሱ ይዞራል። «ተቅማጡ ቆመ፣ እሷ ግን አልተሻላትም» ያልሽው ይሄው ነው።

ቁጥር ላይ ላስቀምጠው። እናትሽ ሆስፒታል ሲደርሱ ክሪያቲኒናቸው 1.9 ሆኖ ቢገኝ አይገርመኝም። በዚያው ስሌት ብታስገቢው 33 የነበረው ወደ 19 ይወርዳል። እውነቱ ከዚያም ሊያንስ ይችላል፤ ክሪያቲኒን እየጨመረ ባለበት ሰዓት ቁጥሩ ከኩላሊቱ ኋላ ነው የሚከተለው።

አሁን ስለ ምልክቶቹ። መጽሐፍ ላይ ረጅም ዝርዝር አለ። እኔ ግን በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ የምፈልጋቸው አራት ቦታ ነው፤ ሆድ፣ አእምሮ፣ ዓይን፣ የልብ ምት።

ሆድ ቀድሞ ይናገራል። የምግብ ፍላጎት ይጠፋል። እንጀራው ይመጣል፣ አንዴ ጎርሰው ይተዉታል። ከዚያ ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ አንዳንዴ ተቅማጥ ይከተላል። እኛ አገር ደግሞ ማቅለሽለሽ ያለበት ሰው ሁሉ መጀመሪያ «ጨጓራ» ይባላል። ክሊኒኩን ለመውቀስ አይደለም፤ አሥር ሰው ቢመጣ ዘጠኙ ጨጓራ ሊሆን ይችላል። ዲጎክሲን የሚወስድ ሰው ግን አሥረኛው ነው። ዲጎክሲን የሚወስዱ አዛውንት አፋቸው ሲዘጋ ሌላ ነገር እስኪረጋገጥ ድረስ መመረዝ ነው ብዬ ነው የምጀምረው።

አእምሮ ሁለተኛው ነው፤ በቀላሉ ታልፎ የሚሄደውም እሱ ነው። ድካም፣ ዝምታ፣ መፍዘዝ። ቀን ተኝተው ሌሊት ይቀሰቀሳሉ። የልጅ ስም ይሳሳታሉ፣ የሌለ ሰው ያያሉ። ቤተሰብ «አርጅታለች፣ ጃጅታለች» ብሎ ያዝናል። መጃጀት ግን በሳምንት ውስጥ አይመጣም። ባለፈው ሳምንት ደህና የነበሩ እናት ዛሬ ግራ ከተጋቡ የሆነ ነገር ሆነዋል ማለት ነው።

ዓይን ሁሉም ላይ አይታይም። ሲታይ ግን ትልቅ ፍንጭ ነው። ነጭ ነገር ቢጫ ወይም አረንጓዴ ይመስላል፣ አምፖል ዙሪያ ቀለበት ይታያል፣ ዓይን ይደበዝዛል። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ዊዘሪንግ ዲጂታሊስ የሚባለውን አበባ ለበሽተኞቹ ሲሰጥ ይህንኑ ነበር የጻፈው፤ እ.ኤ.አ. በ1785። ማስመለሱን፣ ቢጫና አረንጓዴ ማየቱን፣ የልብ ምት በደቂቃ እስከ 35 መውረዱን። የዛሬው ዲጎክሲንም ከዚያው የተክል ዘር ይወጣል። የእናትሽ ቢጫ ጋቢ ከ200 ዓመት በላይ የቆየ ማስጠንቀቂያ ነው። ብዙ አዛውንት ግን ካልጠየቅሻቸው አይናገሩትም፤ ዓይናቸው የደከመ ይመስላቸዋል። ቢጫ አለመታየቱም «አልተመረዙም» አያሰኝም።

አራተኛው የልብ ምት ነው። የሚገድለውም እሱ ነው።

ዲጎክሲን ሲበዛ ሁለት ተቃራኒ ነገር ይሠራል። በአንድ በኩል ከላይኛው ልብ ወደ ታችኛው የሚሄደውን መልእክት ያዘገያል፤ እስከ መዝጋት ይደርሳል። ስለዚህ ምቱ 40 እና 35 ይወርዳል፣ ሰውዬው ይዞራል፣ ይወድቃል። በሌላ በኩል ሕዋሶቹ በካልሲየም ተጨናንቀው ያለ ተራቸው ይመታሉ። አንዱ ምት እንደተለመደው ይመታል፣ ሁለተኛው ተቻኩሎ ይከተላል፣ ከዚያ እረፍት። ይህ ወደ አደገኛ ፈጣን ምት ሊዞር ይችላል።

አንድ ታካሚዬን እዚህ ላይ ማንሳት አለብኝ። የ71 ዓመት አባት ነበሩ። ልጅ ሳሉ በያዛቸው የቶንሲልና የቁርጥማት ሕመም ምክንያት የልባቸው በር ጠብቧል። የልብ ምታቸው ከዓመታት በፊት ጀምሮ ሥርዓት የሌለው ነበር፤ አንዴ ይሮጣል፣ አንዴ ይዘላል። ዲጎክሲን የተሰጣቸውም ይህን ለማርገብ ነው። ለአሥር ቀን ያህል ያቅለሸልሻቸው ነበር፤ በጨጓራ መድኃኒት ቆዩ። በመጨረሻ ቤት ውስጥ ወደቁ። የሕክምና ትምህርት የጀመረ የልጅ ልጃቸው አምጥቷቸው፣ ደስ ብሎት «ምታቸው ተስተካክሏል፤ እኩል እኩል ነው የሚመታው» አለኝ። እጄን አንጓቸው ላይ አሳረፍኩ። እውነቱን ነው፤ እንደ ሰዓት እኩል ነበር። በደቂቃ 38።

መስተካከሉ ነበር ክፉው ዜና። ለዓመታት የተዘበራረቀ ምት በመድኃኒት ምክንያት ድንገት ዝግ ብሎ እኩል ሲሆን፣ ከላይ የሚመጣው መልእክት ጨርሶ ተዘግቶ የታችኛው ልብ ለብቻው መምታት ጀመረ ማለት ሊሆን ይችላል። ኢሲጂው ያንኑ አሳየ። ፖታሲየማቸው ወርዶ 2.9 ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ድነዋል። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ዲጎክሲን የሚወስድ ሰው ቤተሰብን የምት አቆጣጠር ሳላስተምር አልሸኝም። ሁለት ጣትሽን በአውራ ጣት በኩል አንጓው ላይ ታሳርፊያለሽ። ሙሉ 60 ሰከንድ ትቆጥሪያለሽ። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት ምቱ ለተዘበራረቀ ሰው አይሠራም። ከ60 በታች ከሆነ ክኒኑን ከመስጠትሽ በፊት ትደውያለሽ። ድሮ ያልነበረ ለውጥ ካየሽም፣ እኩል የነበረው ቢዘበራረቅ ወይም የተዘበራረቀው እኩል ቢሆን፣ ትደውያለሽ።

ሆስፒታል ምን ይደረጋል? መጀመሪያ ኢሲጂ ያነሳሉ፣ ልባቸውን በሞኒተር ይከታተላሉ። ፖታሲየም፣ ማግኒዚየምና ክሪያቲኒን ይለካሉ። ላቦራቶሪው ካለው የዲጎክሲን መጠንም ይለካል። ስለዚህ ልኬት ሁለት ነገር እወቂ።

አንደኛ፣ ደሙ የሚቀዳው ከመጨረሻው ክኒን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ከተቀዳ መድኃኒቱ ገና ከደም ወደ ጡንቻ ስላልገባ ቁጥሩ በሐሰት ከፍ ይላል። የመጨረሻውን ክኒን በስንት ሰዓት እንደወሰዱ ጽፈሽ ያዢ። ሁለተኛ፣ ወረቀቱ ላይ «ኖርማል እስከ 2.0» የሚል ብታገኚ አትረጋጊ። ያ የቆየ ገደብ ነው። ለልብ ድካም ዛሬ የምንፈልገው ከ0.5 እስከ 0.9 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ነው። ፖታሲየማቸው የወረደ የ76 ዓመት እናት ደግሞ 1.6 ላይ ሆነው በግልጽ ሊመረዙ ይችላሉ። የምናክመው ቁጥሩን ሳይሆን ሰውዬውን ከነምልክቱ ነው።

ኢሲጂው ላይ መስመሩ ጭልፋ መስሎ ወደ ታች የጎበጠ ነው ቢሉሽ፣ እሱ ብቻውን መመረዝ አይደለም። ዲጎክሲን በሚወስድ ጤናማ ሰው ላይም ይታያል።

ሕክምናው በአብዛኛው ዲጎክሲኑን አቁሞ አዙሪቱን መስበር ነው። ፈሳሽ በደም ሥር በጥንቃቄ ይሰጣል፤ ልባቸው የደከመ ስለሆነ በአንዴ ብዙ ከገባ ሳንባ ላይ ይወጣል። ፖታሲየም ከጎደለ ይተካል፣ ማግኒዚየምም እንዲሁ። ምቱ በጣም ከዘገየ አትሮፒን የሚባል መርፌ ይሰጣል። ዲጎክሲንን ደም ውስጥ ይዞ የሚያስወጣ ማርከሻም አለ፤ ከበግ ደም የሚዘጋጅ ነው። በጣም ውድ ስለሆነ በብዙ አገር ሆስፒታሎች አይገኝም፤ በሚገኝበት ግን ለሕይወት አስጊ ለሆነው ደረጃ ይሰጣል። «በዲያሊሲስ ይታጠብላት» ብለሽ አትጠይቂ፤ አብዛኛው ዲጎክሲን ጡንቻ ውስጥ ስለሆነ ማሽኑ ደሙን ቢያጥብም መድኃኒቱን አያገኘውም። ስለዚህ መጠበቅ አለ። ኩላሊታቸው ደክሞ ከሆነ መርዙ በግማሽ ለመውረድ ቀናት ይፈጃል። «ደህና ሆናለች» ብለሽ በሁለተኛው ቀን አስፈርመሽ አታውጪያቸው።

ቤት ሳላችሁ ፖታሲየም ለመሙላት ሙዝና የፖታሲየም ክኒን ማብዛት አይቻልም ወይ ትዪ ይሆናል። አይቻልም። ኩላሊት በጣም ከወደቀ ፖታሲየም ተመልሶ ደም ውስጥ ሊጠራቀም ይችላል፤ ከመጠን በላይ መብዛቱም ልብ ያቆማል። የትኛው እንደሆነ በዓይን አይታወቅም። ተለክቶ ብቻ ነው።

ከዳኑ በኋላ ሐኪሙን የምትጠይቂው አንድ ጥያቄ አለ፤ «ዲጎክሲኑ አሁንም ያስፈልጋቸዋል ወይ? ካስፈለገስ ለዚህ ኩላሊት ስንት ነው?» በብዙ ሰዎች ላይ ምቱን ሌላ መድኃኒት ሊያረጋጋው ይችላል። ከቀጠሉም ክሪያቲኒንና ፖታሲየም በየጥቂት ወሩ፣ ከሕመም በኋላ ደግሞ ወዲያው ይለካል።

ሌላ ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ዲጎክሲን እንደሚወስዱ ሳይጠየቁ ይናገሩ። ለጉንፋንና ለሳል የሚሰጥ ክላሪትሮማይሲን የተባለ አንቲባዮቲክ ደም ውስጥ ያለውን ዲጎክሲን በቀናት ውስጥ ይጨምረዋል። በካናዳ ኦንታሪዮ በአረጋውያን ላይ ተሠርቶ በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ላይ፣ በዲጎክሲን መመረዝ ሆስፒታል የገቡት ባለፈው ሳምንት ይህን አንቲባዮቲክ ወስደው የመገኘታቸው ዕድል ካልገቡት አሥራ ሁለት እጥፍ ያህል ነበር። ለጉልበት ሕመም ከፋርማሲ የሚገዛው ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ደግሞ ኩላሊቱን ይጫኑታል። ቬራፓሚልና አሚዮዳሮን የተባሉት የልብ መድኃኒቶችም ዲጎክሲንን ይጨምራሉ፤ እነሱ ሲጀመሩ የዲጎክሲኑ መጠን መቀነስ አለበት።

ስለ ጾምም ልንገርሽ፤ ክሊኒኬ ውስጥ በየዓመቱ የማየው ነው። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀምሱ ላሲክስና ዲጎክሲን የሚውጡ እናቶች አሉ። በረመዳንም በቆላ ሙቀት ቀኑን ሙሉ የሚቆዩ አባቶች አሉ። ተቅማጥ እንኳ ሳይኖር ያው የሮቶው ቧንቧ ይጠባል። እናትሽ ከእኔ ይልቅ የንስሐ አባታቸውን ይሰማሉ። ከመጾሙ በፊት አንቺ ራስሽ ሄደሽ ንገሪያቸው፤ የታመመ ሰው እንዳይጾም የሚመክሩ ካህናት ብዙ ናቸው።

አሁን ግን እሱ ሁሉ ይቆይ። ፌስታሉን አንሺ፣ ታክሲ ጥሪ። መንገድ ላይ የልብ ምታቸውን ቁጠሪ፤ ስንት እንደሆነና ስንት ሰዓት እንደቆጠርሽ ወረቀት ላይ ጻፊው። ድንገተኛ ክፍል ስትገቢ መጀመሪያ እሱን አሳዪ።